አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት አዳራሽ እንዳይጻፍ መርሐ ግብሩን እንዴት ታወጣላችሁ?

የፒያሳው ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እንደምን አላችሁ። እዚህ ጎንደር ስለ ብራና መጻሕፍትና ስለ ቅርስ ጥገና የሁለት ቀን ጉባኤ እያዘጋጀን ነው። ኅዳር ላይ ነው፣ አርብና ቅዳሜ። ሁለት አዳራሽ አለን። 11 ፓናል አለን። የመርሐ ግብሩ ነገር በእኔ ላይ ወድቋል።

አምና የተፈጠረውን ልንገራችሁ። አንዲት ባለሙያ በአንድ ሰዓት በሁለቱም አዳራሽ ተጽፋ ነበር። እኛ ያወቅነው ሁለት አወያዮች እኩል ስሟን ሲጠሩ ነው። አንዱን ጨርሳ ፍላሽ ዲስኳን በእጇ ይዛ ወደ ሌላው ስትሮጥ፣ እዚያ ያለው ሰው ቡና ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ ይሄ እንዲደገም አልፈልግም።

ዘንድሮ ደግሞ ከአንድ ፓናል በላይ የሚገቡ ስድስት ሰዎች አሉ። አንዱ ፕሮፌሰር አራት ላይ አሉ። ለሁሉም «መቼ ይመችዎታል?» የሚል ፎርም ላክሁ። መልሱን ብታዩት። «ከ4 ሰዓት በኋላ»፣ «አርብ ይሻለኛል»፣ «እንደ ፈቃዳችሁ»፣ «ደውሉልኝ»። አንዱ 3:00 PM ብሎ መርጧል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት ይሁን ከቀኑ 9 አይታወቅም። ከዚህ ተነስቼ እንዴት ልመድብ?

ቀበሌ 18 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

አዳራሽ ከሆነ ችግሩ እኔ የማውቀው አለ። ፕሮጀክተርም ጄኔሬተርም አለው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የፒያሳው ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:44

አዳራሹስ አለን ወንድሜ። ችግሩ ሰው ነው።

ማራኪ ነኝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ፎርሙን ጣለው። ጥያቄው ራሱ ነው የተበላሸው።

ሰውን ሰዓት አትጠይቅ። ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው፣ አፉ ላይ ያለው በእኛ ነው፣ ትኬቱ ላይ ያለው ደግሞ አንዳንዴ 14:00 ነው። «4 ሰዓት» ያለው ሰው ረፋድ ላይ ይሁን ትኬቱን አይቶ ከቀኑ 10 ለማለት አታውቅም። አንተ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜዎቹን ቁረጥ። ስም ስጣቸው። ከዚያ የተቆረጠውን አሳያቸው።

ሁለተኛ፣ የሚመቻቸውን አትጠይቅ፣ የማይመቻቸውን ጠይቅ። «ይመቸኛል» ብሎ ምልክት ማድረግ ለሰው ይሉኝታ አለው፣ ወይ ሁሉንም ይመርጣል ወይ አንዱን ብቻ። «በእነዚህ ጊዜዎች በፍጹም መገኘት አልችልም» ስትለው ግን ያስባል። ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምር፦ «መገኘት እችላለሁ ግን ባይሆን ይሻለኛል»። ሁለቱን አትቀላቅል። የመጀመሪያው አጥር ነው፣ ሁለተኛው ልመና ነው።

ሦስተኛ፣ ምክንያቱን አጭር ቃል ጠይቅ። በረራ፣ ጸሎት፣ ሥራ፣ ሌላ። በረራ ካለ ሊዘገይ እንደሚችል ታውቃለህ። ሥራ ካለ አንዳንዴ ስልክ ተደውሎ ይፈታል።

ክፍለ ጊዜዎቹ ስንት ናቸው?

የፒያሳው ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

በቀን አራት። 3:00–4:30፣ 5:00–6:30፣ 8:00–9:30፣ 10:00–11:30። አርብ የመጀመሪያው መክፈቻ ነው፣ ቅዳሜ የመጨረሻው መዝጊያ። ሁለቱ ላይ ሁሉም አንድ አዳራሽ ነው የሚሆነው። የሚቀረኝ ስድስት ነው፦ አርብ 2፣ አርብ 3፣ አርብ 4፣ ቅዳሜ 1፣ ቅዳሜ 2፣ ቅዳሜ 3። በሁለት አዳራሽ 12 ቦታ። ፓናሉ 11።

ጡረተኛው መምህር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:31

ልጄ፣ ቀኑ 12 ላይ እንዳይወድቅ ብቻ። የኅዳር ሚካኤል ከሆነ መሪጌቶቹንም ታዳሚውንም አታገኛቸውም።

የፒያሳው ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:33

እሱንስ አይተናል ጋሼ። ከ12 በኋላ ነው።

ጡረተኛው መምህር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ጥሩ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር የፈተና ፈታኝ መመደብ የእኔ ሥራ ነበር። 40 አስተማሪ፣ አንዱ የራሱን ትምህርት አይፈትንም፣ አንዱ ከሰዓት ብቻ ነው የሚመጣ። ስም በካርቶን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀስኩ ነበር የምሠራው። ኮምፒውተር አልነበረም። አንድ ቀን ባለቤቴ ጠረጴዛውን ወለወለችው።

የፒያሳው ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10

አዲሱን ፎርም ላክሁ። ለትላልቆቹ ደወልሁ፣ ፎርም አይከፍቱም። መልሱ በሁለት ቀን ገባ፣ ይሄ ራሱ ተአምር ነው። ከአንድ ፓናል በላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦

ፕሮፌሰሩ ፓናል 1፣ 4፣ 7 እና 9። ከአዲስ አበባ አርብ ጠዋት 4:10 ላይ ያርፋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመለሳሉ።
የዋሽንግተኗ አቅራቢ 4 እና 6። በኢንተርኔት ነው። የሚመቻት አርብ 4 እና ቅዳሜ 3 ብቻ ነው፣ አርብ 3 አልችልም ብላለች፣ ሌላው እዚያ ሌሊት ነው።
የዓረብኛ ብራና ተመራማሪው 2 እና 7። አርብ 2 አልችልም ብለዋል፣ ጁምዓ ስላለ።
የጥገና ባለሙያዋ 2፣ 3 እና 5። ሁሉም ይመቻታል። (የአምናዋ ናት!)
አስጎብኚው 3 እና 9። ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች ፋሲል ግቢ ይዞ ይገባል፣ ከሰዓት ነፃ ነው።
አንዷ የእኛው ሰው 9 ላይ ታቀርባለች።

አርብ 2 ለፕሮፌሰሩ ይሆናል አይደል? 4:10 ካረፉ 5:00 ይደርሳሉ።

ጡረተኛው መምህር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

አይሆንም። ከአዘዞ ሻንጣ ተቀብሎ፣ ሆቴል ገብቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ነው ሰው መድረክ የሚወጣ። አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ አዳራሹ ባዶ ወንበር ያያል።

ማራኪ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

ጋሼ ልክ ናቸው። ሰው በሚገባበት ክፍለ ጊዜ አይመደብም።

አንድ የረሳኸው ነገር አለ። «የእኛው ሰው» ያልካት 9 ላይ ብቻ ናት? አወያይ አይደለችም?

የፒያሳው ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:46

ናት። 1፣ 5 እና 8ን ታወያያለች። ግን አወያይ እኮ አቅራቢ አይደለም።

ማራኪ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ይቆጠራል። አቅራቢ፣ አወያይ፣ አስተርጓሚ። ብዙውን ጊዜ ግጭቱ የሚመጣው ከአወያዮች ነው፣ ምክንያቱም ስማቸው በሌላ ዝርዝር ላይ ነው ያለው። እሷም ባለ አራት ፓናል ናት፣ እንደ ፕሮፌሰሩ።

አሁን ሺት ክፈት። አንድ ረድፍ ለአንድ ሰው በአንድ ፓናል። ፕሮፌሰሩ አራት ረድፍ ይወስዳሉ። A የሰው ኮድ፣ B የፓናል ቁጥር፣ C ክፍለ ጊዜ። C ላይ በእጅህ አትጻፍ። ሌላ ገጽ ላይ የ11 ፓናሎችን ዝርዝር አድርግና ክፍለ ጊዜውን እዚያ ብቻ ጻፍ፣ C ከዚያ ይሳበው። አንድ ፓናል ስታዛውር አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትነካው። D ግጭቱን ይቆጥራል። E «አልችልም» ካሉት ጋር ያስተያያል፣ እሱም የራሱ ገጽ ይኑረው፦ A የሰው ኮድ፣ B የማይችልበት ክፍለ ጊዜ።

```
C2:  =VLOOKUP(B2,'ፓናል'!$A$2:$B$12,2,FALSE)
D2:  =COUNTIFS($A$2:$A$60,A2,$C$2:$C$60,C2)
E2:  =COUNTIFS('አልችልም'!$A$2:$A$60,A2,'አልችልም'!$B$2:$B$60,C2)
```

D ላይ 1 ካየህ ሰላም ነው። 2 ካየህ ያ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተጽፏል። E ዜሮ መሆን አለበት።

ዳታ በሽሮ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ለምን ትደክማላችሁ? ይሄ የታወቀ ነገር ነው። አንድ ሰው የሚጋሩ ሁለት ፓናሎች አንድ ላይ አይሆኑም፣ አለቀ። ብዙ ፓናል ያለው ሰው አራት ስላለው አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛ አዳራሽ ያዙ፣ አራት ጊዜ ሦስት 12 ነው። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ።

ማራኪ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:52

ግማሹ ልክ ነው። አራት ከዚያ በታች ልትወርድበት የማትችለው ነው እንጂ ይበቃል ማለት አይደለም። ሦስት ፓናል አስብ፦ አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ሰው ይጋራሉ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌላ ሰው፣ አንደኛውና ሦስተኛው ደግሞ ሌላ። ማንም ከሁለት በላይ የለውም፣ ግን ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል።

እዚህ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም። የዋሽንግተኗ ሁለት ጊዜ ብቻ ናት ያላት፣ አርብ 4 እና ቅዳሜ 3። ቅዳሜ 3 ፕሮፌሰሩ ሄደዋል። የሳቸው አራት ሲደመር ያ አንዱ አምስት ነው።

ዳታ በሽሮ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:58

እሺ ሰዓቱን አልቆጠርኩም። ሦስተኛ አዳራሽ ግን አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው።

የፒያሳው ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:05

ኧረ እርዱኝ። ኤክሴል ላይ ሠራሁት፣ ፓናል መመደብ ሳልጀምር ሁሉም ቀይ ሆነ። D ላይ 4፣ 3፣ 2 ይላል። C ሙሉ ዜሮ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ አንዷን ሆን ብዬ ሁለት ቦታ ጻፍኳትና D ዝም አለ።

ማራኪ ነኝ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:22

ቀዩ ምንም አይደለም። ያልተመደበ ፓናል ዜሮ ይመልሳል፣ ዜሮና ዜሮ አንድ ክፍለ ጊዜ መስሎት ነው። ስትመድብ ይጠፋል።

ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። A ላይ ኮድ ነው ወይስ ስም የጻፍከው?

የፒያሳው ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:24

ስም።

ማራኪ ነኝ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:37

አየህ። አንዱ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላው ቦታ «ጸሀይ» ካልክ ለእኔና ላንተ አንድ ሰው ናት፣ ለኤክሴል ሁለት ሰው ናት። ኃይሉና ሀይሉ፣ ሥላሴና ስላሴ፣ ዓለሙና አለሙ ያው ነው። «ዶ/ር» አንዱ ላይ ካለና ሌላው ላይ ከሌለም ያው። ከስሙ ኋላ የቀረ ባዶ ቦታ እንኳ ይበቃል። ፊደላችን ሀብታም ነው፣ እዚህ ላይ ግን ያስከፍላል።

ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ስጥ፦ ሰ01፣ ሰ02 እያልክ። ስሙን በሌላ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍ። አምና የተጋጨችው ባለሙያ ስሟ እንዴት እንደተጻፈ ሂድና እይ እስቲ።

የፒያሳው ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:01

አየሁት። አንዱ በ«ሠ» ነው፣ ሌላው በ«ሰ»። አመቱን ሙሉ ዕድላችን ነው ስንል ነበር።

ማራኪ ነኝ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:35

በል አሁን ምደባው። ከትልቁ ፓናል ወይም ከክብሩ አትጀምር። አማራጭ ከሌለው ጀምር።

ፓናል 4 ፕሮፌሰሩና የዋሽንግተኗ አንድ ላይ ናቸው። የሁለቱን የሚያገናኝ አርብ 4 ብቻ ነው። ያዘው። ስለዚህ 6 ቅዳሜ 3 ይሆናል፣ እሷ ሌላ የላትም።

ፓናል 9 ፕሮፌሰሩና አስጎብኚው። አስጎብኚው ቅዳሜ ጠዋት የለም፣ አርብ 4 ተይዟል። አርብ 3 ብቻ ቀረ።

ለፕሮፌሰሩ 1 እና 7 ቀሩ፣ ቅዳሜ 1 እና ቅዳሜ 2። 1ን ፊት አድርገው።

እስካሁን ምንም አልመረጥንም፣ ከዚህ የመጨረሻው በቀር። ራሱ ነው የተቀመጠው። የቀረው ቀላል ነው። 3 አርብ 2፣ ከ10 ጋር። 2 አርብ 3፣ ከ9 ጎን፣ የሚጋሩት ሰው የለም። ጁምዓውም አልፏል። 5 አርብ 4። 8 ቅዳሜ 2፣ ከ7 ጎን። 11 ቅዳሜ 1።

የአዘዞ ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

ቆይ፣ የጥገና ባለሙያዋ አርብ 2፣ 3፣ 4 ተከታትሎ ወደቀባት። አልተጋጨም ግን ድምጿ ይዘጋል። አምናም እሷን ነው ያሯሯጣችኋት።

ማራኪ ነኝ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:56

ጥሩ አየህ። 5ን ወደ ቅዳሜ 3 ውሰደው፣ ከ6 ጎን። አወያይዋም ያኔ ነፃ ናት። አርብ 4 ላይ ፓናል 4 ብቻውን ይሆናል፣ ለኢንተርኔቱ ደግሞ ይሻላል። ቴክኒሻኑ አንድ አዳራሽ ብቻ ይዞ ይቆማል።

የፒያሳው ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

D ሁሉም 1። E ሁሉም ዜሮ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሀገር ናፋቂ · አርብ፣ ከጠዋቱ 12:20

ከዚህ ከአሜሪካ ነው። ይቅርታ፣ ግን ጉባኤው ኅዳር ነው አላችሁ? የዋሽንግተኗ ፎርሙን መቼ ሞላች? አሁን በእኛና በእናንተ መካከል 7 ሰዓት ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ልዩነቱ 8 ይሆናል። የእናንተ 8:00 ቀን አሁን እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ያን ቀን ግን 12 ሰዓት ይሆናል። ጨለማ ነው። አርብ 4 ምንም አይልም፣ 2 ሰዓት ጠዋት ይሆንላታል።

የፒያሳው ልጅ · አርብ፣ ከጠዋቱ 1:40

ኧረ ጉድ። እሷ ከ1 ሰዓት በፊት አልችልም ብላ ጽፋለች፣ ልጅ አላት። 6ን የት ላዛውረው? አርብ 4 ላይ 4 ውስጥ ናት።

ማራኪ ነኝ · አርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

እኔም አላየሁትም፣ በል አመሰግናለሁ አገር ናፋቂ። ፓናሉን አታዛውር፣ ተራውን ነው የምትለውጠው። ስንት አቅራቢ አለው?

የፒያሳው ልጅ · አርብ፣ ከጠዋቱ 2:34

አራት። እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ፣ መጨረሻ 10 ደቂቃ ጥያቄ።

ማራኪ ነኝ · አርብ፣ ከጠዋቱ 2:41

የመጨረሻ አድርጋት። ሦስቱ 60 ደቂቃ ይወስዳሉ፣ እሷ 9:00 ላይ ትገባለች። እዚያ ልክ 1 ሰዓት ነው። አወያዩ ግን ሦስቱን በሰዓታቸው ማስቆም የማይፈራ ሰው ይሁን። ለእሷ ስትልክ በእሷ ሰዓት ጻፍላት፣ በእኛ አትጻፍ፣ ቀኑንም በፈረንጅ።

ዳታ በሽሮ · አርብ፣ ከጠዋቱ 3:10

አርብ 4 ላይ አንድ ባዶ አዳራሽ አላችሁ። ፕሮፌሰሩ ቢዘገዩ 9ን ወደዚያ ትገፋላችሁ። መጠባበቂያ አላችሁ ማለት ነው።

ማራኪ ነኝ · አርብ፣ ከጠዋቱ 3:25

አይደለም። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ግን አርብ 4 ላይ ፓናል 4 ውስጥ ናቸው። ላላቸው አራት ጊዜ አራት ፓናል ነው የተሰጣቸው። አንዱ ቢናጋ የሚገቡበት የለም። ባዶ አዳራሽ የሚጠቅመው ነፃ ሰው ሲኖር ነው።

እኔ የማምነው አንድ ሰው ከሁለት በላይ ባይገባ ነው። ከአራቱ አንዱን ለሌላ ሰው ስጡት።

ጡረተኛው መምህር · አርብ፣ ከጠዋቱ 3:48

ልጄ ማራኪ፣ እሱስ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ርዕስ ላይ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሰው የሚመጣውም እሱን ለመስማት ነው። ይልቅ ሐሙስ ማታ ይግቡ። አርብ 2 ይከፈትላቸዋል፣ አምስት ጊዜ ለአራት ፓናል ይሆናል።

ማራኪ ነኝ · አርብ፣ ከጠዋቱ 3:55

በዚህ አንስማማም ጋሼ። ትኬቱ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። አርብ 2 ላይ ሁለቱም አዳራሽ ስለተያዘ 10ን ወደ አርብ 4 ማውረድ ብቻ ነው፣ 9 ደግሞ አርብ 2 ይወጣል።

የአዘዞ ልጅ · አርብ፣ ከጠዋቱ 4:02

3 አርብ 2 ላይ አይደለም እንዴ? አስጎብኚው 3 እና 9 ላይ ነው።

ማራኪ ነኝ · አርብ፣ ከጠዋቱ 4:09

ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ። እንግዲያው 3 እና 9 ቦታ ይለዋወጡ ብል ደግሞ 3 አርብ 3 ላይ ከ2 ጋር ይጋጫል፣ የጥገና ባለሙያዋ። 2ን ወደ አርብ 4፣ ከ4 ጎን። 9 እና 10 አርብ 2፣ 3 ብቻውን አርብ 3። ተመራማሪው አርብ 4 ይችላሉ። ይሄ ይሠራል። ባለሙያዋ ግን አርብ ሁለት ተከታታይ አላት። ሺቱ ላይ ሞክረው፣ እኔ በራሴ ስቆጥር ነው የተሳሳትኩት።

የፒያሳው ልጅ · አርብ፣ ከቀኑ 8:30

ሞከርኩት፣ D እና E ንጹሕ ናቸው። ሁለቱንም መርሐ ግብር አስቀምጫለሁ። አንዱ ፕሮፌሰሩ ሐሙስ ከገቡ፣ ሌላው አርብ ከገቡ። ለጸሐፊያቸው ደወልሁ፣ ትኬቱ ተቆርጧል አለችኝ፣ መቀየሪያ ክፍያውን ማን ይከፍላል ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ሰኞ ነው የሚገባው።